ተከራዩ ቤቱን ለቀቀ፤ የእናንተ ዋስትናስ?

ድሬዳዋ ላይ ቤት ሲገኝና ዋጋው ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ዋስ አለህ?» የሚል ነው። ከዚያ የሥራ ባልደረባ ወይም የአክስት ልጅ ይደወልለታል። መጥቶ ውሉ ግርጌ ላይ ይፈርማል፣ መታወቂያውን ኮፒ ያስደርጋል፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ዓመት አልፎ ተከራዩ ዕቃውን ጭኖ ወደ አዳማ ወይም ወደ ጅግጅጋ ሲሄድ ዋሱ «ተገላገልኩ» ይላል። አከራዩ የሚደውልለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።

ተከራይ ስለለቀቀ ዋስትና አያበቃም። ዋስትና የሚያበቃው ዕዳው ሲያበቃ ነው። ተከራዩ ቤቱ ውስጥ እያለ የተፈጠረ ዕዳ እሱ ቢሄድም ዋሱን ይከተላል። በሌላ በኩል ደግሞ ዕዳው ማደግ የሚያቆምበት ቀን አለ። ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጣው ኪራይም ሆነ ጉዳት የእናንተ አይደለም። ስለዚህ ተከራዩ ሊወጣ መሆኑን የሰማ ዋስ ትልቁ ሥራው ያ ቀን መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ማስያዝ ነው። እንዴት እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የማወራው ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ ነው።

መጀመሪያ ውሉን አውጡና የፈረማችሁበትን አንቀጽ አንብቡ

የውሉ ቅጂ እጃችሁ ላይ ከሌለ ከተከራዩ ተቀበሉ፣ ስልክ ላይ በፎቶ ቢሆንም ይበቃል። የምትፈልጉት የዋስ አንቀጹን ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ከምስክሮቹ ስም በላይ ናት፣ ሁለት ሦስት መስመር ብትሆን ነው።

አንደኛው የምታዩት የገንዘብ ልክ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ላይ ሦስት ነገር ይላል። ዋስትና በግምት አይያዝም፣ በግልጽ መነገር አለበት። ከተዋዋላችሁበት ወሰን አልፎ አይለጠጥም። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ደግሞ ዋስትናው ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ውል ይሰናከላል። «ተከራዩ ለሚያደርሰው ማንኛውም ጉዳትና ዕዳ ዋስ ነኝ» ብሎ ብቻ የሚያቆም አንቀጽ በዝቶ ይታያል፣ ደላላው ከድሮ ውል ላይ እየገለበጠ ስለሚጽፈው። ብር ካልተጠቀሰ መከራከሪያ አላችሁ። «እስከ 60,000 ብር» ካለ ግን ዋስትናው የጸና ነው፣ ጣሪያውም እሱ ነው።

ሁለተኛው «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል መኖር አለመኖሩ ነው። ካለ፣ ወይም ከተከራዩ ጋር እኩል ባለዕዳ የሚያደርግ ተመሳሳይ ቃል ካለ፣ አከራዩ ተከራዩን ሳይጠይቅ በቀጥታ እናንተን መክሰስ ይችላል። ይህ በቁጥር 1933 ላይ ያለ ነው። ቃሉ ከሌለ ተራ ዋስ ናችሁ። ያኔ «መጀመሪያ የተከራዩ ንብረት ላይ ሂዱ» የማለት መብት አላችሁ። ተከራዩ ከተማውን ለቅቆ ከሄደ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም አከራይ ሁልጊዜ የሚቀናው ቅርቡን ሰው መያዝ ነው።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። ውሉ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የዋስ አንቀጹም ከውሉ ጊዜ ጋር የታሰረ መሆኑን እዩ። «ቤቱን አስረክቦ እስኪወጣ ድረስ» የሚል ሐረግ ካለ ነገሩ ይለወጣል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ያገባችሁ ከሆናችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ይህ ሕግ ከ500 ብር በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱንም ባልና ሚስት ስምምነት ይፈልጋል። 500 ብር ዛሬ የትም አያደርስም፣ ስለዚህ የቤት ኪራይ ዋስትና ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል ማለት ይቻላል። ያልተስማማው የትዳር ጓደኛ መፍረሱን መጠየቅ የሚችለው ነገሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ ነው፣ በምንም መልኩ ደግሞ ግዴታው ከተገባ ከ2 ዓመት ማለፍ አይችልም። ዓመት ሙሉ ዝም ተብሎ አከራዩ ሲደውል ብቻ «ሚስቴ አታውቅም» ማለት ስለማያዋጣ ቀኑን ቁጠሩ። ሐረር የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው እዚያ ያላችሁ በዚያው ተመልከቱ።

ቁልፉ የተመለሰበትን ቀን በጽሑፍ አስይዙ

ተከራይ «ወጥቻለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ ዕቃውን ማውጣቱን ነው የሚናገረው። ለኪራዩ ዋናው ነገር ግን ቁልፉ ነው። ዕቃው ወጥቶ ቁልፉ ጎረቤት ጋ ተቀምጦ ከሆነ፣ ወይም ተከራዩ ኪሱ ይዞት ከሄደ፣ አከራዩ «ቤቴን አልተረከብኩም» ይላል፣ ኪራዩም ይቆጠራል። ያ ሁሉ ወር እናንተ ላይ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ ተከራዩ መውጣቱን እንደሰማችሁ በዚያው ቀን ሁለት ነገር አድርጉ። ለተከራዩ ደውሉና ቁልፉ የት እንዳለ ጠይቁ። ከዚያ ለአከራዩ መልእክት ላኩ። መደወል ብቻ አይበቃም፣ የተጻፈ ነገር ያስፈልጋል። እንዲህ ብትሉ ይበቃል፦

«እትዬ፣ እንደምን አሉ። ዋስ የሆንኩለት ተከራይዎ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዕቃውን አውጥቷል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቤቱን አብረን አይተን ላስረክብዎ እፈልጋለሁ፣ የሚመችዎትን ሰዓት ይንገሩኝ። ከርክክቡ በኋላ ያለው ኪራይ እንደማይመለከተኝ ከወዲሁ ማሳወቅ እፈልጋለሁ።»

አከራዩ ካልመለሱ ከሁለት ቀን በኋላ ድገሙት። አልቀበልም ካሉ ሁለት ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁልፉን ለመስጠት መሞከራችሁን የሚያይ ምስክር ይኑር። አንዳንድ አከራይ «ውዝፉ ካልተከፈለ ቁልፍ አልቀበልም» ይላል። ውዝፉ እንዳለ ሆኖ ቤቱን መረከብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጉዳት የደረሰበት ወገን ጉዳቱን እንዲቀንስ ሕጉ ይጠብቅበታል፣ ቁልፍ እየተሰጠው እምቢ ብሎ ባዶ ቤት እያቆየ ኪራይ መቁጠር ይህን ይጻረራል። ይህን ለማስረዳት ግን መልእክቱና ምስክሩ ያስፈልጋሉ።

ርክክቡ ላይ ራሳችሁ ተገኙ

ተከራዩ ባይኖርም እናንተ ተገኙ። በምትገቡበት ጊዜ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ፣ ቁጥሩ በደንብ ይነበብ። ካርድ ቆጣሪ ከሆነ የመብራቱ ነገር ቀላል ነው፣ በወር መጨረሻ የሚከፈል ከሆነ ግን ንባቡ ከሌለ የሚቀጥለው ተከራይ የተጠቀመበት ጭምር እናንተ ላይ ይጻፋል።

ከዚያ ክፍል በክፍል ዙሩ። የምትፈልጉት በአጠቃቀም ያረጀውን ከተሰበረው መለየት ነው። ተከራይ ቤትን በአግባቡ ሲጠቀምበት ለሚመጣው እርጅና አይጠየቅም፣ ተከራዩ ካልተጠየቀ ዋሱም አይጠየቅም። በድሬ ሙቀት ፀሐይ የበላው የበር ቀለም፣ ዓመት ሙሉ ሲዞር ከርሞ ድምፅ ማሰማት የጀመረ ፋን፣ የድሬ ውሃ የሚተወው ነጭ ቅርፊት የደፈነው ሻወርና ቧንቧ የተከራይ ጥፋት አይደሉም። የሻወሩን ጉዳይ ለይቼ ያነሳሁት «ሻወሩን አበላሽቶ ሄደ» የሚል ክርክር ስለሚበዛ ነው። ራሱን ፈትታችሁ ብታዩት ቀዳዳዎቹ ላይ ኖራ የሚመስል ነጭ ነገር ጋግሮ ታገኛላችሁ። የተሰነጠቀ የእጅ መታጠቢያ፣ የተገነጠለ የበር ቁልፍ፣ የተሰበረ መስታወት ግን ጉዳት ነው።

ሲገባ የተሠራ የርክክብ ዝርዝር ካለ ከእሱ ጋር አስተያዩ። ከሌለ ተከራዩ ሲገባ ያነሳው ፎቶ ወይም ቪዲዮ እንዳለ ጠይቁት። በመጨረሻም አንድ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ የቆጣሪውን ንባብ፣ የጎደለውን ጻፉና አከራዩም እናንተም ፈርሙበት። «ቁልፍ ተረክቤያለሁ» የሚለው ቃል እንዳይቀር። ዕዳው ማደግ የሚያቆምበት ቀን ብዬ የነገርኳችሁ ይኼው ነው።

ከዚያ የሚጠየቀውን አንድ በአንድ ለዩ

አንድ ጉዳይ ከነቁጥሩ እንይ። ሳቢያን አካባቢ ያለ ቤት ነው እንበል፣ ኪራዩ በወር 8,000 ብር። ውሉ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ለ2 ዓመት ነው፤ በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል ከ2 ዓመት አያንስም። ዋሱ በአንድነትና በነጠላ እስከ 60,000 ብር ፈርሟል። ተከራዩ ሲገባ 8,000 ብር ማስያዣ ሰጥቷል። መጋቢት 20 ቀን 2017 ወጣ፣ የየካቲትና የመጋቢትን ኪራይ አልከፈለም። ዋሱ ቁልፉን መጋቢት 25 አስረከበ።

አከራይዋ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይህን ጠየቁ፦ ውዝፍ ኪራይ 16,000፣ ቤቱ ባዶ የቆየበት የሚያዝያና የግንቦት ኪራይ 16,000፣ መብራትና ውሃ 2,350፣ መታጠቢያና የበር ቁልፍ ማስጠገኛ 6,500፣ ቀለም 12,000። ድምሩ 52,850 ብር። ከጣሪያው በታች ስለሆነ «ልክ ነው» ብሎ መክፈል ይቀናል። ግን ጣሪያው የሚጠየቀውን ወሰን እንጂ የሚከፈለውን አይወስንም።

ውዝፉ 16,000 ይከፈላል። ተከራዩ ቤቱን ይዞ ሳለ የተጠራቀመ ነው፣ መውጣቱ አያጠፋውም። የባንክ ማስተላለፊያው ወይም የቴሌብር ደረሰኙ ካለ ግን አስቀድሞ ተከራዩን ጠይቁት፣ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ተከራዩ ሊያነሳው የሚችለውን መከላከያ ዋሱም ማንሳት ይችላል።

የመብራትና የውሃው ሒሳብ በቆጣሪው ፎቶ ይታያል። እስከ መጋቢት 25 ያለው 1,500 ብር ሆነ፣ የቀረው 850 ከርክክቡ በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ 1,500።

መታጠቢያውና ቁልፉ ተሰብረዋል፣ የርክክቡ ወረቀትም ይላል። 6,500 ይከፈላል፣ የማስጠገኛው ደረሰኝ ሲታይ።

ቀለሙ የእርጅና ነው። ርክክቡ ላይ የተነሳው ፎቶ ግድግዳው ላይ ከፀሐይ መጥፋትና ከተለመደ ቆሻሻ ሌላ አያሳይም። 12,000 ወጣ።

ባዶ የቆየበት ሁለት ወር አስቸጋሪው ነው። ተከራዩ ውሉ ሳያልቅ ስለወጣ አከራይዋ ምንም አልተጎዱም ማለት አይቻልም። እዚህ ላይ ውሉ ስለ ማስጠንቀቂያ ምን እንደሚል ታያላችሁ። በዚህ ውል ላይ «ቀድሞ ለመውጣት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ» ተብሎ ተጽፏል፣ ተከራዩ አልሰጠም። ስለዚህ አንድ ወር፣ 8,000፣ ይከፈላል። ሁለተኛው ወር ላይ ግን ዋሱ «ቁልፉ መጋቢት 25 እጅዎ ገብቷል፣ ቤቱን ለምን እስከ ግንቦት አላከራዩትም?» ብሎ ይከራከራል። ደላላ እንኳ አልተነገረውም። አልተከፈለም።

እንግዲህ 16,000፣ 1,500፣ 6,500ና 8,000 ሲደመር 32,000 ነው። ማስያዣው 8,000 ይቀነሳል። ቀሪው 24,000 ብር። ማስያዣውን አትርሱ፣ አከራዩ ከተናገረው ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገኘው እሱ ነው። ሲገባ የተከፈለ ቅድሚያ ክፍያ ካለም ለየትኛው ወር እንደተያዘ ጠይቁ።

አሁን ወደዚያ ሐረግ ልመለስ። ውሉ አልቆ ተከራዩ ሳይወጣ ቢቀመጥ፣ አከራዩም ኪራይ እየተቀበለ ዝም ቢል፣ ለዚያ ለተራዘመው ጊዜ እናንተ ካልፈረማችሁ ዋስትናው ለሁለት ዓመቱ ብቻ ነው ብላችሁ ትከራከራላችሁ፣ ዋስትና ከወሰኑ አልፎ አይለጠጥምና። የዋስ አንቀጹ «ቤቱን አስረክቦ እስኪወጣ ድረስ» ካለ ግን ይህ መከራከሪያ ይደክማል፣ የቀረላችሁ መከታ የገንዘቡ ጣሪያ ነው። የኪራይ ጭማሪም እንዲሁ ነው። ኪራዩ በመካከል 10,000 ሆኖ እናንተ ያልፈረማችሁበት ከሆነ ውዝፉ በ8,000 ይታሰብ በሉ፣ ውሉ ራሱ ስለ ጭማሪ ካልተናገረ።

ስትከፍሉ ለተከራዩ አስቀድማችሁ ንገሩት

24,000ውን ከመክፈላችሁ በፊት ለተከራዩ ጻፉለት። «ይህንን ያህል ተጠይቄያለሁ፣ የምትቃወመው ካለ እስከ ዓርብ ንገረኝ፣ ካልሆነ ከፍዬ ካንተ እጠይቃለሁ።» ይህ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ሳትነግሩት ከፍላችሁ እሱም ደግሞ ቢከፍል፣ ወይም የማይገባ ዕዳ መሆኑን ማስረዳት የሚችልበት ማስረጃ ቢኖረው፣ ገንዘባችሁን ከእሱ ማስመለሱ ይከብዳችኋል።

ገንዘቡን በእጅ አትስጡ። በባንክ ወይም በቴሌብር አስተላልፉ፣ ምክንያቱ ላይ «የእገሌ የኪራይ ዕዳ፣ በዋስነት የተከፈለ» ብላችሁ ጻፉ። በራሳችሁ ስም ይሁን። የከፈለ ዋስ በአከራዩ እግር ተተክቶ ከተከራዩ ላይ መጠየቅ ይችላል፣ ወረቀቱ ግን መክፈላችሁንና ስለ ምን እንደከፈላችሁ ማሳየት አለበት። ከአከራዩም የውሉን ዋና ቅጂ ወይም ፎቶ፣ የጥገናውን ደረሰኝ ተቀበሉ።

ሁለት ዋስ ከነበረ ለሌላውም ደውሉ። ሙሉውን ከከፈላችሁ ድርሻውን ከእሱ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሳትስማሙ ቀርታችሁ መጥሪያ ከመጣ

መጥሪያውን አትሽሹ። ባትቀርቡ በሌላችሁበት ይወሰናል፣ ያኔ ቀለሙም ባዶ የቆየው ወርም እንዳለ ሊፈረድባችሁ ይችላል። የመከላከያ መልሱን በተሰጣችሁ ቀን አስገቡ። ተራ ዋስ ከሆናችሁ «መጀመሪያ ተከራዩ ይጠየቅ» የሚለው መቃወሚያ መጀመሪያ በምትሰጡት መልስ ላይ መነሳት አለበት፣ ተከራዩ ምን ንብረት የት እንዳለውም ጠቁሙ። መኪና ካለው፣ ሱቅ ካለው ጻፉት። ዘግይቶ ማንሳት አይሠራም። በአንድነትና በነጠላ ከፈረማችሁ ይህን መቃወሚያ ተዉትና ተከራዩ ወደ ክርክሩ እንዲገባ ጠይቁ።

የመልቀቂያ ወረቀቱን ሳትይዙ አትለያዩ

ከፍላችሁ ስትጨርሱ አከራዩ «በቃ ጨርሰናል» ይላሉ፣ አብራችሁም ቡና ትጠጣላችሁ። ያም ሆኖ አጭር ወረቀት አስፈርሙ። የውሉ ቀን፣ የቤቱ አድራሻ፣ የተከፈለው ብር፣ ቁልፉ የተመለሰበት ቀን ይጻፍበት። ቀጥሎ ይህ ዓረፍተ ነገር ይግባ፦ «ከዚህ ውል የተነሳ በዋሱ ላይ የቀረ ምንም ጥያቄ የለኝም፣ ዋስትናውም ቀሪ ሆኗል።» «በተከራዩ ላይ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አስተካክሉት፣ የእናንተ ስም መኖር አለበት። የሚቀር የመብራት ሒሳብ ካለ «የመጋቢት መብራት ብቻ ሲቀር» ብላችሁ ለዩት፣ እሱ ሲከፈልም ከዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ አስፈርሙ። አንዱ ቅጂ እናንተ ጋ ይቅር፣ አንዱን ለተከራዩ በቴሌግራም ላኩለት፣ ገንዘባችሁን የምትጠይቁበትን ቀንም አብራችሁ ጻፉለት።